ጠያቂን ከገዢ የቀላቀለ ዝርዝር ሉክአላይክን እንዴት እንደሚያበላሸው

በቱሉ ዲምቱ የኩሽና ካቢኔትና ቁምሳጥን እየሠራን እንሸጣለን። ገዢዎቻችን በአብዛኛው በዚያው አካባቢና በኮዬ ፈጬ የኮንዶሚኒየም ቤት ተረክበው ማጠናቀቅ የጀመሩ ሰዎች ናቸው። እነሱን የሚመስሉ ሌሎች ሰዎችን ፌስቡክ ላይ ለማግኘት ሉክአላይክ ኦዲየንስ ለመጠቀም ስንወስን የማስታወቂያ አካውንት መክፈቱም፣ በወኪል በኩል መክፈሉም፣ ፎቶ ማዘጋጀቱም ብዙ አላስቸገረንም። ገንዘባችንን የበላው ለመነሻ የተሰቀለው የደንበኞች ዝርዝር ነው።

ሥራውን የያዘልን ባለሙያ፣ ሜታ ለመነሻ ዝርዝር ከ1,000 እስከ 5,000 ሰው እንደሚመክር ነግሮን፣ ቁጥሩን ለመሙላት ያገኘውን ስልክ ሁሉ ሰበሰበ። ቀብድ ከፍለው ዕቃ የተረከቡት ወደ 400 ገደማ ነበሩ። የቀሩት ከ2,000 በላይ ሰዎች ግን በቴሌግራም «ዋጋ ስንት ነው» ብለው የጠፉ፣ ኮሚሽን የሚጠይቁ ደላሎች፣ በጅምላ ወስደው የሚቸረችሩ ነጋዴዎችና ሥራ ፈልገው የደወሉ አናጢዎች ናቸው። ስለ ጥራት ስጠይቀው «ሲስተሙ ራሱ ይለያል» አለኝ። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ሲስተሙ የሚያየው የተሰጡት ሰዎች የሚጋሩትን ባሕርይ እንጂ ማን ካቢኔት እንደገዛ አይደለም።

ጉዳቱ ደግሞ በመስመሮቹ ብዛት ብቻ አይለካም። ሜታ የሰቀልነውን ስልክ ከተጠቃሚ አካውንት ጋር ያዛምዳል፤ ያልተዛመደው መስመር ለመነሻነት አይቆጠርም። ደላላውና ቸርቻሪው ኑሯቸው ፌስቡክ ላይ ስለሆነ በያዙት ስልክ በቀላሉ ይዛመዳሉ። ጎልማሳው ቤት ባለቤት ግን አካውንቱን የከፈተው ምናልባት በጣለው ሲም ካርድ ነው፤ በደረሰኛችን ላይ የተጻፈውም ብዙ ጊዜ ዕቃውን የሚረከበው የፎርማን ወይም የጥበቃ ስልክ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ከሰባት ሰው አንዱ ገዢ ቢመስልም፣ ከተዛመዱት መካከል የገዢው ድርሻ ከዚያም ያነሰ መሆኑ አይቀርም።

ምልክቱ ከመልእክቶቹ ይታወቅ ነበር። አንድ መልእክት የሚያስወጣን ገንዘብ ዝቅተኛ ስለነበር ባለሙያው በሪፖርቱ ይኮራበት ነበር፤ የሚጽፉልን ግን «የጅምላ ዋጋ ላኩልኝ» እና «ኮሚሽን አለው?» የሚሉ ነበሩ። ልኬት እንድንወስድለት የጠየቀ ሰው ማግኘት ብርቅ ሆነ።

ማስተካከሉን የጀመርነው ከደረሰኝ ጥራዞች ነው። ርክክብ የተፈጸመበትን ብቻ ለይተን፣ ለባለቤቶቹ እየደወልን ፌስቡክ የከፈቱበትን ስልክ ወይም ኢሜይል ጠየቅን፤ ለማስታወቂያ እንደምንጠቀምበትም ነግረን ያልፈቀደውን አስወጣን። በብዙ ደረሰኞች ላይ የተደጋገመው የአንድ ፎርማን ቁጥርም ወጣ። ለአንድ ሙሉ ሕንፃ ያዘዘን ተቋራጭም እንዲቀር አደረግሁ፤ የግዢ መጠን የሚገለጽበትን `value` ዓምድ ስለተጠቀምን የእሱ ገንዘብ ሌላውን ሁሉ ሊውጠው ይችል ነበር።

ቀጥሎ ኤክሴል አስቸገረን። በ09 ወይም በ07 የሚጀምረውን ቁጥር መነሻ ዜሮውን ይቆርጠዋል፤ በ251 ሲጻፍ ደግሞ ረጅሙን ቁጥር `2.52E+11` አስመስሎ ያሳየዋል፣ ፋይሉም እንደዚያው ሊቀመጥ ይችላል። ዓምዱን ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት ወደ ጽሑፍ ቀይሩት፤ የአገር ኮዱን ጨምሩ፤ ዋጋውንም ያለ «ብር» በአኃዝ ብቻ ጻፉ።

```
phone,country,value
2519XXXXXXXX,ET,85000
```

የቀረን ከ400 ያነሰ ሰው ነበር፤ ባለሙያው «አይበቃም» አለ። ዝቅተኛው ወሰን ከአንድ አገር 100 ሰው ስለሆነ አልሰማሁትም፤ የተመከረውን ቁጥር በደላላ ከመሙላት ጥቂት እውነተኛ ገዢ ይሻላል ባይ ነኝ። በዚህ መጠን ግን ሲስተሙ የታዳሚውን ብዛት «ከ1,000 በታች» ብሎ ብቻ ስለሚያሳይ ስንቱ እንደተዛመደ በትክክል ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ በአሮጌውም በአዲሱም ዝርዝር ባለ 1 በመቶ ሉክአላይክ፣ ማለትም ከአገሩ ተጠቃሚዎች ዝርዝሩን በጣም የሚመስሉትን 1 በመቶ የሚይዝ፣ ሠርተን፣ በአንድ ዓይነት ማስታወቂያና በእኩል በጀት አወዳደርናቸው። ሉክአላይክ የሚሠራው በአገር ደረጃ ስለሆነ ሁለቱንም በቦታ ወደ አዲስ አበባና ዙሪያዋ አጠበብናቸው፤ የገዙትንም ከሁለቱም አገለልን።

ከአዲሱ ዝርዝር የመጣው መልእክት ቁጥሩ ያነሰ፣ ዋጋውም የተወደደ ነበር። የሚጠይቁት ግን ልኬት መቼ እንደምንወስድና አራተኛ ፎቅ ድረስ ማን እንደሚያወጣላቸው ነው፤ ቀብድ የከፈሉትን ስንቆጥር አንድ ሽያጭ የሚያስወጣን ወጪ ከበፊቱ ቀነሰ። ባለሙያው አሁንም ሪፖርቱን የሚልከው በመልእክት ዋጋ ነው፤ እኔ የማነበው የቀብድ መዝገቡን ነው። የተሰቀለ ፋይል በራሱ ስለማይታደስ፣ በየወሩ ርክክብ የፈጸሙትን እንጨምራለን፣ ዕቃ የመለሱትን እናወጣለን። ቀብድ ብቻ የከፈለ ሰው ገና አይገባም።