የጨው ወረቀት፣ ሦስተኛ ሳምንት

የጨው ወረቀት ሙከራዬ ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ። የድሮ ሰዎች ፎቶ ለመነሳት ያን ያህል ረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ ለምን ይቀመጡ እንደነበር አሁን በእጄ ሠርቼ ገባኝ።

ወረቀቱን 2 በመቶ ጨው ባለበት ውሃ ነክሬ አደርቀዋለሁ። ማታ ደብዘዝ ባለ ቢጫ አምፖል 12 በመቶ ሲልቨር ናይትሬት በብሩሽ እቀባዋለሁ። ሁለቱ ተዋህደው ሲልቨር ክሎራይድ ይሆናሉ፤ ብርሃን ሲነካው የሚጠቁረው እሱ ነው። (ጓንትና መነጽር ግድ ነው። ሲልቨር ናይትሬት ዓይን ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው።) ከደረቀ በኋላ ቅጠል አስቀምጬበት፣ መስታወት ጭኜበት፣ የቀትር ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ጥሩ ቡናማ እስኪሆን 15 ደቂቃ ፈጀ።

ይሄንኑ ወረቀት ካሜራ ውስጥ ባስገባውስ? ሒሳቡን ሠራሁት። የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 4 ድረስ ሰፋ ብሎ ቢከፈት እንኳ፣ ፀሐይ ከመታው ነጭ ግድግዳ ወረቀቱ ጋ የሚደርሰው ብርሃን ከቀጥታው ፀሐይ ከ60 ጊዜ በላይ ያንሳል። የእኔ 15 ደቂቃ ከ15 ሰዓት በላይ ሆነ ማለት ነው። ሰው ይቅርና ጥላም አንድ ቦታ አይቆይም።

እንግሊዛዊው ታልቦት በ1835 የቤቱን መስኮት ያነሳው በእንዲህ ዓይነት ወረቀት ነው። ምስሉ ከቴምብር ብዙም አይበልጥም። በ1840 ግን ትልቁን ነገር አገኘ። በሲልቨር አዮዳይድ ያዘጋጀው ወረቀት ከካሜራው ሲወጣ ባዶ ይመስላል፤ በጋሊክ አሲድ ሲያጥበው ግን ምስሉ ብቅ ይላል። ብርሃኑ እዚህም እዚያም ጥቂት የብር አተሞች ይፈጥራል፤ የቀረውን ሥራ የሚጨርሰው ማጠቢያው ነው። ሰዓታት ወደ ደቂቃ የወረዱት በዚህ ነው።

ፓሪስ ውስጥ ዳጌር በተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። በብር የተለበጠ የመዳብ ሳህን በአዮዲን ጢስ ያጥናል፤ ካነሳ በኋላ ምስሉን በሜርኩሪ ትነት ያወጣል። በ1839 አሠራሩ ይፋ ሲሆን ግን ፀሐይ ላይም ብዙ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። አንደኛ፣ የሌንሱ ቀዳዳ ጠባብ ነበር። ሁለተኛ፣ ሳህኑ የሚያየው ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃን ብቻ ነው። ከቆዳችን የሚመለሰው ደግሞ አብዛኛው ቀይና ቢጫ ነው፤ ያ ሁሉ ለሳህኑ ጨለማ ነው። የእኔ ቢጫ አምፖል ወረቀቴን የማያበላሸውም ለዚሁ ነው።

በ1840 ቪየና ላይ ፔትስቫል የሠራው ኤፍ 3.6 ሌንስ ብርሃኑን ከ10 እጥፍ በላይ አሳደገው። በአዮዲኑ ላይ የብሮሚን ጢስ ሲጨመርበት የመቀመጫው ጊዜ ከደቂቃ በታች ወረደ።

አንድ ደቂቃስ ቀላል ነው? ወንበር ላይ ተቀምጬ ራሴን በስልክ ቀረጽኩ። ዓይኔን ደጋግሜ አርገብግቤያለሁ፤ ያ ችግር የለውም፣ የዓይን ክዳን የሚዘጋው ለቅጽበት ስለሆነ ሳህን ላይ አይታይም። ጭንቅላቴ ግን ሳይታወቀኝ ቀስ እያለ ወደ ግራ ሸሽቷል። ማጅራቴን ግድግዳ ሳስደግፍ ቀጥ አለ። ስቱዲዮዎቹ ከተነሺው ኋላ የብረት መደገፊያ የሚያቆሙት ለዚህ ነበር። በድሮ ፎቶዎች ላይ ከወንበሩ ሥር የመደገፊያውን እግር ፈልጉት፤ አንዳንዴ ይታያል።

በሚቀጥለው ሳምንት ወረቀቱን በአዮዳይድ አዘጋጅቼ በጋሊክ አሲድ ማጠብ እሞክራለሁ።