የጅሬን ዳገት ስንት ሰዓት አምፖል ያበራል?

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከጅማው ሂርማታ መርካቶ ተነስቼ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ በእግሬ እወጣለሁ። ስልኬ እርምጃዬን ይቆጥርና መጨረሻ ላይ የካሎሪ ቁጥር ይሰጠኛል። 360 ምናምን ይላል። 360 ካሎሪ ግን ብዙ ነው ትንሽ? በእጅ አይዳሰስ፣ በዓይን አይታይ። ቆጣሪው ላይ ያለውን ኪሎ ዋት ሰዓት ግን ቤት ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ካርድ ስንሞላ የምንገዛው እሱን ነው። ስለዚህ የእግሬን ወጪ ወደ ቆጣሪው ቋንቋ ልመልሰው ብዬ ተነሳሁ። አሥረኛ ክፍል የምትማር የእህቴ ልጅ ደግሞ ጥያቄውን አሳጠረችልኝ፦ «ጋሼ፣ የሳሎኑን አምፖል ስንት ሰዓት ያበራል?»

ስሌቱ ራሱ ቀላል ነው። አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 860 ኪሎ ካሎሪ ነው። ካሎሪውን ለ860 ማካፈል ነው፣ አለቀ። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ስልኩም የብስኩት ማሸጊያውም «ካሎሪ» ሲሉ ብዙ ጊዜ ኪሎ ካሎሪ ማለታቸው ነው። የፊዚክስ ደብተር ላይ ያለው ትንሹ ካሎሪ ከሱ በሺህ እጥፍ ያንሳል። የእህቴ ልጅ በደብተሯ ስታሰላው፣ ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ አምፖሉ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ብቻ በርቶ ጠፋ። መልሳችሁ እንዲህ በደቂቃ የሚቆጠር ሆኖ ከመጣ «ኪሎ»ዋ ወድቃለች ማለት ነው።

ዋናው ሥራ ከማካፈሉ በፊት ነው። የትኛውን ካሎሪ ነው የምናካፍለው?

አምፖል ሲጠፋ ዜሮ ነው። ሰው ግን አይጠፋም። ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ እንኳ በየሰዓቱ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቴ አንድ ኪሎ ካሎሪ ገደማ እፈጃለሁ። 70 ኪሎ ነኝ፤ ስለዚህ በሰዓት 70 ኪሎ ካሎሪ። ይህ 80 ዋት ገደማ ነው፣ ከአንድ የድሮ ቢጫ አምፖል ይበልጣል። ጅሬን ለመውጣት አንድ ሰዓት ከአርባ ይፈጅብኛል። በዚያ ጊዜ ቤት ተጋድሜ ብውልም 117 ኪሎ ካሎሪ ይሄድ ነበር። ይህን ለመራመዱ ማስከፈል ግፍ ነው። ከአምፖል ጋር የሚወዳደረው መራመዱ የጨመረው ብቻ ነው።

መራመዱ የሚጨምረውን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ለዚህ የሚሠራበት ቀመር አለ። ቀመሩ ሰው የሚስበውን ኦክስጅን ያሰላል፤ አንድ ሊትር ኦክስጅን ደግሞ ወደ 5 ኪሎ ካሎሪ ያስፈጃል። ሲጠቀለል እንዲህ ይሆናል፦ ሜዳ ላይ በደህና እርምጃ የሚሄድ ሰው፣ ከዕረፍቱ በላይ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በየኪሎ ሜትሩ ግማሽ ኪሎ ካሎሪ ይጨምራል። ሩጫ ከሆነ አንድ ሙሉ። ጣሊያናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ሮዶልፎ ማርጋሪያና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተሙት ጥናትም ለሩጫ ይህንኑ ቁጥር ነው ያገኘው። ፍጥነቱ ብዙም እንደማይለውጠውም አሳይተዋል። በቀስታ ሮጥክም በጥድፊያ፣ ኪሎ ሜትሩ አንድ ከሆነ ወጪው ያው ነው።

«ዋናው ርቀቱ ነው፣ ሮጥክ ተራመድክ ለውጥ የለውም» የሚለውን ወሬ የማልቀበለው ለዚህ ነው። በሩጫና በሩጫ መካከል እውነት ነው። በእርምጃና በሩጫ መካከል ግን ልዩነቱ እጥፍ ነው። ስንሮጥ ሰውነታችን በየእርምጃው ወደ ላይ ተወርውሮ ይወርዳል፤ ስንራመድ ግን አንዱ እግር ሁልጊዜ መሬት ላይ ነው። ደግሞ እርምጃውን አለቅጥ ካፈጠንነው፣ በሰዓት 7 እና 8 ኪሎ ሜትር ላይ፣ መራመዱም እንደ ሩጫው ይወደዳል። የግማሹ ሂሳብ የሚሠራው በሰው ልክ ለተራመደ ነው።

እንግዲህ ወደ መንገዳችን። ከመርካቶ ቤተ መንግሥቱ ድረስ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ሜዳ ቢሆን ኖሮ 0.5 በ70፣ ያን በ7 ስናባዛ 245 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ለ860 ሲካፈል 0.285 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ማለትም 285 ዋት ሰዓት። የሳሎናችን ኤልኢዲ አምፖል 9 ዋት ነው። 285 ለ9 ሲካፈል 32 ሰዓት ገደማ። ኮሪደሩ ላይ የቀረው የድሮ ባለ 60 ዋት ቢጫ አምፖል ቢሆን ግን አምስት ሰዓትም አይሞላ። ሁለቱ የሚሰጡት ብርሃን ተቀራራቢ ነው። «ይህን ያህል ብትሄድ ይህን ያህል አምፖል ታበራለህ» የሚል ነገር ስታነቡ መጀመሪያ የትኛው አምፖል እንደሆነ ጠይቁ። መልሱ ስድስትና ሰባት እጥፍ የሚለያየው በእግራችሁ ሳይሆን በአምፖሉ ነው።

ጅሬን ግን ሜዳ አይደለም። ወደ ላይ የወጡትን ከፍታ 200 ሜትር ብለን እንያዘው። በዚያው ቀመር፣ ለሚራመድ ሰው አንድ ኪሎ ክብደትን አንድ ኪሎ ሜትር ሽቅብ ማውጣት 9 ኪሎ ካሎሪ ይጠይቃል። 9 በ70 በ0.2፣ 126 ኪሎ ካሎሪ። ይህን በሌላ መንገድ አጣራሁት፣ ደስ ያለኝም እሱ ነው። 70 ኪሎን 200 ሜትር ለማንሳት ፊዚክስ የሚጠይቀው 137 ኪሎ ጁል ነው፤ 33 ኪሎ ካሎሪ። ጡንቻ ከሚፈጀው ሩቡን ያህል ብቻ ነው ወደ ሥራ የሚለውጠው፣ የቀረው ላብና ሙቀት ነው። 33ን በአራት ስናባዛ 132። ከ126 ጋር ጎረቤት ናቸው። በሁለት የተለያየ መንገድ ሄደን አንድ ቦታ ከደረስን ቁጥሩን ማመን ይቻላል።

ድምሩ 371 ኪሎ ካሎሪ፣ 0.43 ኪሎ ዋት ሰዓት። ለ9 ዋቱ አምፖል 48 ሰዓት። በምሽት አራት ሰዓት ብናበራው 12 ምሽት ማለት ነው። ለጓደኛ በስልክ ለመላክ እንዲመች ያሳጠርኩት ይኸው፤ ለእርምጃ ብቻ ነው፦

```
kWh = ክብደት × (0.5 × ርቀት_ኪሜ + 9 × ሽቅብ_ኪሜ) / 860
ሰዓት = kWh × 1000 / የአምፖሉ_ዋት
```

ያንኑ 7 ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ የሮጠ 70 ኪሎ ሰው ደግሞ 490 ኪሎ ካሎሪ ይፈጃል፤ 63 ሰዓት።

አሁን ስልኬ 360 ያለውን አስታውሱ። ከ371 ጋር ሲተያይ «ጎበዝ ስልክ» ያሰኛል። አይደለም። ሜዳው 245፣ ቁጭ ብዬም የምፈጀው 117፣ ሲደመር 362። ስልኩ የዕረፍቱን ደምሮ ዳገቱን ትቶታል፤ ሁለቱ ስህተቶች ተካክሰው እውነት መሰሉ። ዳገቱን እንደማያውቅ ያጋለጠው ቁልቁለቱ ነው። ከጅሬን ስወርድ፣ እግሬ ራሱ እየተንደረደረ፣ የሰጠኝ ቁጥር ስወጣ ከሰጠኝ ጋር እኩል ለእኩል ነበር። የእናንተ ስልክም ይህን ያደርግ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ዳገት ውጡና ውረዱ።

ወደ አምፖሉም መለስ እንበል፣ እሱም ቢሆን ማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው ላይሆን ይችላል። ይህን ቆጣሪው ይነግረናል። ቆጣሪው ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ ነጥብ አለች፤ አጠገቧ `1000 imp/kWh` የሚል ጽሑፍ ይኖራል። አንድ ሺህ ብልጭታ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ነው ማለት ነው፤ አንዷ ብልጭታ አንድ ዋት ሰዓት። ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ቻርጀሩን ሁሉ ነቅለን አንድ አምፖል ብቻ አበራን። የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ ቆጣሪው ስር ቆመች። ባለ 60 ዋቱ በትክክል 60 ዋት ከወሰደ በየደቂቃው አንዴ ብልጭ ማለት አለበት። ማታ፣ ሰው ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት ግን ከደቂቃ ዘገየ። ቮልቴጁ ወርዶ አምፖሉም ፈዟል፤ ፈዘዘ ማለት ያነሰ ወሰደ ማለት ነው። ኤልኢዲው ውስጡ ያለው ዕቃ ኤሌክትሪኩን ስለሚያስተካክል ቮልቴጅ ሲወርድ ያን ያህል አይለወጥም። የሱ ብልጭታ በየ6 ደቂቃ ከ40 ሰከንዱ ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቆጣሪያችሁ ላይ የተጻፈው 1600 ከሆነ ጊዜው በዚያው ልክ ያጥራል።

ይህን ሁሉ ለሠፈር ሰው ሳወራ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ታዲያ እኛ እየተራመድን ለምን መብራት አናመነጭም?» 48 ሰዓት ያልኩት ሰውነቴ ያቃጠለው ጉልበት ነው እንጂ ከሶኬት የሚገኝ መብራት አይደለም። ሜዳ ላይ የሄድኩት 245 ኪሎ ካሎሪ ማታ ላይ አንዲት ቅንጣት አልቀረችም፣ ሁሉም ሙቀት ሆኖ ሄዷል። ተቀማጭ የሆነው ዳገቱ ላይ ያነሳሁት ክብደቴ ብቻ ነው፤ 137 ኪሎ ጁል፣ 38 ዋት ሰዓት። ያ ለኤልኢዲው አራት ሰዓት ገደማ ነው። 48ቱ ወደ 4 ወረደ ማለት ነው። እሱንም ቢሆን ስወርድ በጉልበቴ ፍሬን ይዤ ነው የምጨርሰው።

እኛ አካባቢ ይህን ተቀማጭ የሚሰበስበው ግልገል ጊቤ ነው። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ የሚሠራው እኔ ጅሬን ላይ ካደረግሁት በተቃራኒው ነው፤ ከፍ ብሎ የተጠራቀመ ውሃ ወርዶ ተርባይን ያዞራል። እኔን የሚያህል፣ 70 ሊትር ውሃ፣ 200 ሜትር ቢወርድና ከመቶ ዘጠና እጁ ወደ ኤሌክትሪክ ቢለወጥ 34 ዋት ሰዓት ይሰጣል። አንድ ሙሉ ኪሎ ዋት ሰዓት ለማግኘት ከዚያው ከፍታ ሁለት ሺህ ሊትር ገደማ መልቀቅ ይጠይቃል።

ቁጥሮቹን እስከ መጨረሻዋ ነጥብ አትያዟቸው። የሰው አረማመድ ይለያያል፣ ጅማ ደግሞ ክረምት ላይ ጭቃው እግር ይይዛል፤ ጭቃና ልቅ አፈር ወጪውን ሽቅብ ነው የሚገፉት፣ ቀመሩም አያውቃቸውም። ከአሥር አንድ እጅ ወዲህ ወዲያ ቢል አይገርመኝም። እኔ ቤት አሁን 48 ሰዓት አይባልም፣ «ሁለት ቀን ገደማ» ይባላል። የእህቴ ልጅ ግን አምፖሉን ትታ ወደ ምጣዱ ዞራለች። ምጣዱ 3 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ሰላሳ ደቂቃ እንጀራ ለመጋገር ስንት ጊዜ ጅሬን መውጣት እንዳለብኝ አስልታ ነገረችኝ፤ ሦስት ተኩል ጊዜ።