የእሑዱ 2 ሰዓት

ለሰዎች ደብዳቤና ኢሜይል በምናዘጋጅበት ቢሮ በ2017 ዓ.ም. የካቲት መግቢያ ላይ አንዲት እናት የታተመ ወረቀት ይዘው መጡ። ወረቀቱ ዋሽንግተን ለሚኖሩት ልጃቸውና ለቤተሰቡ ከቤት የተላከ ኢሜይል ሲሆን፣ «በየሳምንቱ እሑድ 2:00 ላይ በቪዲዮ እንገናኝ» ከሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በቀር ስለ ሰዓቱ ምንም አይልም። «ልጄ፣ እኔ ማታ 2 ሰዓት ላይ ስልኩን ይዤ እጠብቃለሁ፤ እሱ ደግሞ የሚደውለው ከተኛሁ በኋላ ነው። አንተ ጠፋህ እለዋለሁ፣ እሱም አንቺ ጠፋሽ ይለኛል» አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ ሰዓቱን በጣቴ ስቆጥር ነው። በዚያ ወቅት ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀር ስለነበር፣ የእናትየው ማታ 2 ሰዓት ለልጃቸው እኩለ ቀን ነው። እሱ ግን 2:00 የሚለውን በራሱ ሰዓት፣ ከእኩለ ቀን በኋላ ያለው 2 አድርጎ አንብቦታል፤ ያ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ስህተቱ ለብዙ እሑዶች ሳይታወቅ የቆየው ንባቡ ሊታመን የሚችል ስለነበር ይመስለኛል። የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ስልክ ላይ ከምናየው የ24 ሰዓት አቆጣጠር በ6 ሰዓት ስለሚለይ፣ በአፍ የምንጠራው ቁጥር ከዋሽንግተኑ ቁጥር በክረምታቸው በ2፣ በበጋቸው በ1 ብቻ ይበልጣል። ቁጥሩ «2» ሳይሆን እዚያ ሌሊት ላይ የሚያርፍ ቢሆን ኖሮ፣ ልጁ በመጀመሪያው እሑድ ደውሎ «የትኛውን ሰዓት ማለትሽ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ ጥሪው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቢሆን ይሻላል ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ እናትየው በዚያን ጊዜ ይበልጥ ንቁ ናቸውና። ሆኖም የእሑድ ጠዋት 2 ሰዓት በወቅቱ ለዋሽንግተን ልክ እኩለ ሌሊት ነበር፤ እዚያ ያሉት ቅዳሜ ማታ ይበሉት እሑድ እንኳ ሊያከራክር ይችላል። ቀኑ ራሱ አወዛጋቢ የሚሆንበትን ሰዓት መምረጥ ችግሩን ማብዛት ስለሆነ፣ በማታው ጸናን።

ከዚያ ኢሜይሉን እንዲህ ብለን ጻፍን።

«ርእሰ ጉዳይ፦ የእሑድ የቪዲዮ ጥሪ፣ አዲስ አበባ 20:00፣ ዋሽንግተን 12:00 (እኩለ ቀን)

ውድ ልጄ፣ ከእሑድ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. (በእናንተ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2025) ጀምሮ በየሳምንቱ እሑድ በቪዲዮ እንድንገናኝ እፈልጋለሁ። ሰዓቱ እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ማለትም ስልክ ላይ 20:00 ሲሆን፣ እናንተ ዘንድ በዚያው እሑድ እኩለ ቀን፣ ማለትም 12:00 ነው። የማይለወጠው የእኔ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ እናንተ በማርች 9 ሰዓታችሁን ወደፊት ስትገፉ ጥሪው እናንተ ዘንድ ከእኩለ ቀን በኋላ 1:00 ይሆናል። የማይመቻችሁ ከሆነ ሌላ ሰዓት በሁለታችንም አቆጣጠር ጻፉልኝ።»

ከሁሉም ይልቅ የተከራከርንበት «የማይለወጠው የእኔ ሰዓት ነው» የሚለው ነው። ባልደረባዬ ትእዛዝ ይመስላል አለ፤ እኔ ግን ኢትዮጵያ በዓመት ውስጥ ሰዓቷን ስለማትቀይርና አሜሪካ ስለምትቀይር፣ ከሁለቱ አንዱ መንቀሳቀሱ እንደማይቀር፣ የሚንቀሳቀሰው ማን እንደሆነ ካልተጻፈ ደግሞ እያንዳንዱ ወገን ሌላውን እንደሚጠብቅ ተከራከርኩ። እናትየውም «ይቆይ፤ እሱ ወጣት ነው፣ እሱ ይንቀሳቀስ» ብለው ጨረሱት።

ልጁ ተስማምቶ መለሰ፤ ለስልካቸውም በየሳምንቱ የሚደጋገም የቀን መቁጠሪያ ግብዣ ላከ። በየካቲት የነበሩት ጥሪዎች ሁሉ በሰዓታቸው ተደረጉ። በማርች 9፣ የካቲት 30 ቀን፣ ግን የእናትየው ስልክ ማስታወሻውን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ አሳየ። ግብዣው የተፈጠረው በዋሽንግተን ሰዓት ስለነበር እዚያ እኩለ ቀን ላይ ጸንቶ፣ አዲስ አበባ ላይ በአንድ ሰዓት ቀደመ። እርሳቸው ወረቀቱን አይተው «የእኔ 2 ነው» ብለው ስለጠበቁ አልተደናገጡም፤ ልጁም ኢሜይሉን መልሶ አንብቦ በዋሽንግተን ሰዓት በ1:00 ደወለ። በማግስቱ የግብዣውን የሰዓት ክልል ወደ `Africa/Addis_Ababa` ቀየረው፤ ከዚያ በኋላ የሚንቀሳቀሰው የእሱ ስልክ ላይ ያለው ሰዓት ብቻ ሆነ። እኛም በኢሜይሉ ቅጂ ላይ፣ በኖቬምበር 2 (ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.) ወደ 12:00 እንደሚመለስ ጨምረን ሰጠናቸው።