ሁለት ኃላፊዎች፣ አንድ ረቂቅ

ዛሬ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ሳርም ዋልሁ። የፋይናንስ ኃላፊው የበጀት አጠቃቀሙ 72 በመቶ ይባል አሉ፤ የዕቅድ ኃላፊዋ 81 በመቶ ብለው አረሙት። ሁለቱን ፋይሎች በማይክሮሶፍት ወርድ ማነጻጸሪያ ከዋናው ረቂቅ ጋር ሳስተያይ፣ የዕቅድ ኃላፊዋ ያረሙት የቆየውን ቅጂ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ እርማታቸውን እንዳለ አልገለበጥሁም፤ አንድ በአንድ ወደ አዲሱ አሻገርሁት። የቁጥሩ ልዩነት ግን ከቅጂው የመጣ አልነበረም። 72 በመቶው የተከፈለውን ብቻ ይቆጥራል፤ 81 በመቶው ውል ተፈርሞበት ያልተከፈለውንም ይጨምራል። በሥልጣን ከፍታ መምረጥ አንባቢን ማሳሳት ነው ብዬ አምናለሁ። ለሁለቱም በአንድ ደብዳቤ ልዩነቱን ጻፍሁላቸው። 72 በመቶ እንዲጸና፣ ያልተከፈለው ውል በራሱ መስመር እንዲገባ ተስማሙ። ውሳኔውን ከነወሳኞቹ በአስተያየት መዝገቡ ላይ አስፍሬ፣ አዲሱን ቅጂ የዛሬውን ቀን በስሙ ላይ ጽፌ ላክሁ።