በስንት ወለድ ነው የምታበድሩት?

ባሕር ዳር ውስጥ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር የምሠራበት አነስተኛ የሒሳብ ሥራ ቢሮ አለን። ድረ ገጽ ስናሠራ ጽሑፉ የእኔ ድርሻ ነበር። አድራሻ መግዛቱም ባለሙያ ማግኘቱም በአንድ ሳምንት አለቀ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን አንድ ሙሉ የግብር ወቅት አሳጣን።

የጻፍኩት «ለንግድዎ አስተማማኝና የተቀናጀ የፋይናንስ መፍትሔ» የሚል ነበር። ከበላዩ ጣና ላይ የምትቀዝፍ ታንኳ ፎቶግራፍ አደረግንበት። በቢሮው ኮምፒውተር ሲታይ ያምራል። ደንበኞቻችን ግን የሚከፍቱት በስልክ ነው፤ በስልክ ላይ ታንኳዋ ማያውን ትሞላውና ከሥሯ ያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይቀራል። ምን እንደምንሠራ የሚናገረው ክፍል ከታች ተቀብሮ ነበር።

የሒሳብ ዓመታቸው ሰኔ 30 የሚዘጋ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ግብራቸውን የሚያሳውቁት እስከ ጥቅምት 30 ስለሆነ፣ መስከረም ላይ ስልክ ይበዛል ብለን ጠበቅን። በዛም፤ የሚጠይቁን ግን ብድር ነበር። አባይ ማዶ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ በስንት ወለድ ነው የምታበድሩት?» አሉኝ። «ፋይናንስ» ለእሳቸው ገንዘብ የሚሰጥ ቤት ነው፤ ትክክልም ናቸው። ራዕይና ተልዕኮ ከሁሉ ይቅደም ብሎ ያሠለጠነን ሰው ላይ እስከ ዛሬ ቅሬታ አለኝ። ከእሱ በላይ የተናደድኩት ግን በራሴ ነው፤ ደንበኛ ፊት ለፊቴ ቢቀመጥ «የተቀናጀ መፍትሔ» ብዬ አላናግረውም ነበር።

ታንኳዋን አንስተን እንዲህ ጻፍን፦

«ባሕር ዳር ላሉ ሱቆች፣ ሆቴሎችና ሥራ ተቋራጮች የሒሳብ መዝገብ እንይዛለን። የተጨማሪ እሴት ታክስና የሠራተኛ ደመወዝ ግብር በየወሩ፣ የትርፍ ግብር በየዓመቱ አዘጋጅተን እናሳውቃለን። ደረሰኞችዎንና የባንክ መግለጫዎን ይዘው ይምጡ።»

ከሥሩ የስልክ ቁጥራችን አለ። «በየወሩ» የሚለው ቃል ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰኔ ላይ የዓመቱን ደረሰኝ በፌስታል አሽጎ የሚመጣውን ሰው አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። አንዱ ባልደረባዬ «ኦዲት» የሚለው እንዲገባ ፈልጎ ነበር። የውጭ ኦዲት ፈቃድ ይጠይቃል፤ እኛ የለንም። ስለዚህ «የውጭ ኦዲት አንሠራም» ብዬ እዚያው ጨመርኩ። የማይሠሩትን መግቢያ ላይ መጻፍ ደንበኛ ያባርራል ይሉኛል፤ አልስማማም። ለኦዲት መጥቶ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ለጎረቤቱም ይናገራል።

ከዚያ ገጹን ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት በስልኬ አሳየሁና እስከ አምስት ቆጥሬ ስልኩን መልሼ ወሰድኩ። «ምንድን ነው የምንሠራው?» አልኳቸው። «መዝገብ ትይዛላችሁ፤ ደረሰኝ ላምጣ?» አሉ።

የአባይ ማዶዋን እናት መልሼ ደወልኩላቸው። ለዚያ ዓመት ሌላ ቢሮ ይዘው ነበር።