እንደ እንጀራ የተጠቀለለው ብርድ ልብስ

ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ወሬ ላይ ነበርኩ። አራት ሴቶች ሆነን በአንዲት ጠባብ ክፍል ኪሮሽ እንሠራለን። ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሕፃን ብርድ ልብስ ታዘዘና፣ እኔ ደግሞ የቱኒዚያ ኪሮሽ ገና መልመዴ ስለነበር «ስጡኝ፣ እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ።

ለማያውቀው ሰው፣ የቱኒዚያ ኪሮሽ ሄዶ መልስ ነው። ስትሄጂ ቀለበቶቹን ሁሉ መርፌው ላይ ትሰበስቢያለሽ፣ ስትመለሺ ሁለት ሁለት እያደረግሽ ትዘጊያቸዋለሽ። ሥራው አይገለበጥም፣ ፊቱ ሁልጊዜ ወደ አንቺ ነው። ለሰፊ ነገር ጫፉ ላይ ረጅም ገመድ ያለው መርፌ ያስፈልጋል።

የክሩ መጠቅለያ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ይላል፤ እኔም 5 ይዤ በተለመደው ቀላል ስቲች 144 ቀለበት ጀመርኩ። ሲታይ ደስ ይላል፣ ጥብቅ ብሎ እንደ ሸማ ድር ቀጥ ያለ። 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ሠርቼ ጠረጴዛ ላይ ስለቀው ግን የታችኛው ጠርዝ ወደ ፊቱ ተጠቀለለ። በእጄ ዘረጋሁት፣ ስለቀው ደግሞ ተጠቀለለ። እንደ ጥቅል እንጀራ!

ለማንም ሳልናገር ካውያ አሞቅኩ። ክሩ አክሪሊክ መሆኑን ረስቼዋለሁ። ጥጉን አንዴ ስጫነው ክሩ ሟሽሾ እንደ ፌስታል አብረቀረቀ፣ ለስላሳነቱም ጠፋ። እሱ ጥግ ብቻ ነው ቀጥ ያለው፣ የቀረው እንደተጠቀለለ ነው።

እትዬ (ትልቋ ሠራተኛ ናት፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት) አየችኝና ሳቀች። ከዚያ ጨርቁን ገልብጣ «እስኪ ጀርባውን ንኪው» አለችኝ። ጀርባው በአግድም እብጠቶች የተሞላ ነው። ቀላል ስቲች ስንሠራ መርፌውን የምናስገባው ፊት ለፊት ቆሞ በሚታየው ክር ሥር ብቻ ስለሆነ፣ ስንመለስ የሚፈጠረው ክር ሁሉ ወደ ኋላ ይገፋል። ጀርባው ይወፍራል፣ ፊቱ ይጠብቃል፣ የጠበቀው ደግሞ የወፈረውን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። በቀጭን መርፌ ሲሠራ ቀለበቱ መላወሻ ስለሌለው ይባስ ይጠቀለላል። እኔ ደግሞ ስመለስ ክሩን ሳብ ሳብ የማድረግ አመል አለብኝ።

«የመጠቅለያው ቁጥር ለተራ ኪሮሽ ነው፤ ለዚህኛው አንድ ተኩል ወይ ሁለት ሚሊ ሜትር ጨምሪበት» አለችኝ።

በዚያው ክር ሦስት ናሙና አሠራችኝ፤ እያንዳንዳቸው 20 ስቲች፣ 15 ረድፍ። በ5 የተሠራው ሙሉ በሙሉ ተጠቀለለ። በ6.5 የተሠራው መሃሉ ተኛ፣ የታችኛው ጠርዝና ጥጎቹ ግን ይነሳሉ። በ8 የተሠራው ተኝቷል ማለት ይቻላል፣ ግን በጣም ሳሳ፤ የሕፃን ጣት ሊገባበት ይችላል። ለሻርፕ ቢሆን 8ን እመርጥ ነበር። ለብርድ ልብስ 6.5ን ይዘን የቀረውን በስቲቹ ማስተካከል ነበረብን።

ግልብጡ ስቲች (ፐርል የሚሉት) እዚህ ጋ ነው የሚጠቅመው። ክሩን ከሥራው ፊት ታመጫለሽ፣ መርፌውን እዚያው ቋሚ ክር ሥር አስገብተሽ ቀለበት ታወጫለሽ። እብጠቱ አሁን ከፊት ይቀራል። አንድ ቀላል፣ አንድ ግልብጥ እያልሽ ትሄጂና በሚቀጥለው ረድፍ በቀላሉ ላይ ግልብጥ፣ በግልብጡ ላይ ቀላል ትሠሪያለሽ። የማር እንጀራ የሚመስል ነገር ይወጣል። ፊትና ጀርባው እኩል ስለሚሳሳብ መጠቅለሉ ይቀራል። በዚህ አሠራር አራተኛ ናሙና ሠርቼ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት፣ ዝም ብሎ ተኛ። እውነት ለመናገር ተናደድኩ፣ ይህን ያህል ቀላል ነበር ለካ!

መርፌው ሲወፍር ልኩም ይለወጣል። በ5 ሚሊ ሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 18 ስቲች ነበረኝ፤ በአራተኛው ናሙና ላይ 14 ሆነ። ስለዚህ ለ80 ሴንቲ ሜትር 112 ቀለበት ይበቃል። በ144ቱ ብቀጥል ኖሮ ከአንድ ሜትር በላይ ሰፍቶ ቁጭ ይል ነበር።

የሠራሁትን ፈታሁ፣ የተቃጠለውን ጥግ ቆርጬ ጣልኩ። እንደገና ስጀምር መርፌውን የሰንሰለቱ ጀርባ ላይ ባለው ጉብታ ውስጥ አስገባሁ፤ እንዲያ ሲሆን የመጀመሪያው ረድፍ አይጨመደድም። ስመለስ ክሩን አልሳብኩም፣ ቢያንስ ለመተው ሞከርኩ። ስድስተኛው ረድፍ ላይ ቆም ብዬ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እጄን አነሳሁ። እጅ ላይ እንዳለ አይታመንም፣ ስንይዘው ሳናውቀው እንወጥረዋለን።

ሲያልቅ አንዱ ጥግ ትንሽ ቀና ብሎ ነበር። ዙሪያውን በዚያው በ6.5 አንድ ዙር ተራ ኪሮሽ ሠራሁለት፣ ለብ ባለ ውሃ ነክሬ ፎጣ ላይ በስፒል ወጥሬ አሳደርኩት። ጠዋት ስፒሉን ስነቅል ጥጉ አልተነሳም። ካውያውን ግን እትዬ ከእኔ ጠረጴዛ አርቃ አስቀምጣዋለች፣ እስከ ዛሬም እዚያው ነው።