ውርጭ የሚወርደው ከሰማይ አይደለም

ኅዳር 12 ቀን ማለዳ ነው። ጋቢዬን ተከናንቤ ወደ ማሳው ወረድኩ። ድንቹ አብቦ ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ምንም የሆነ አይመስልም። ጠጋ ብዬ አንዱን ቅጠል ስነካው ግን እንደ ደረቅ ወረቀት ኮሽ አለ። ፀሐይዋ ሞቅ እስክትል እዚያው ቆሜ ጠበቅኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መሰለ። ውሃ አዝሎ ልፍስፍስ አለ። በማግስቱ ማሳው በሙሉ ጠቁሮ አደረ።

ማሳው ደብረ ብርሃን አጠገብ፣ በሬሳ ወንዝ ዳር ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም አጋማሽ፣ ድንች ተከልኩ። ዝናቡ ሲያቆም በመስኖ ልጨርሰው አስቤ ነበር። ዘሩ ጉደኔ ነው። ሩብ ሄክታሩን ወንዙ ዳር ካለው ለጥ ያለ መሬት ላይ፣ ሌላ ሩብ ሄክታር ደግሞ ከፍ ብሎ ተዳፋቱ ላይ ተከልኩ። የታችኛው አፈር ይበልጥ ለም ነው፤ ውሃም ቅርብ ነው። ስለዚህ ተስፋዬን ሁሉ እሱ ላይ ጣልኩ።

ያን ቀን የታችኛው ሲጠቁር የላይኛው አንድ ቅጠል አልተነካም። በመካከላቸው 200 እርምጃ ያህል ነው ያለው። ዘሩ አንድ፣ የተከላው ቀን አንድ፣ ሌሊቱም አንድ። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

እኛ «ውርጭ ወረደ» እንላለን። እኔም ከላይ እንደ በረዶ የሚወርድ ነገር ይመስለኝ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። መሬት ቀኑን ሙሉ ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት መልሳ ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ካለ ከዚያ ሙቀት ብዙውን ይዞ ወደ ታች ይመልሰዋል። ሰማዩ ጥርት ካለ ግን የሄደው ሄደ፣ የሚመልሰው የለም። ቅጠሉም እንደ መሬቱ ሙቀቱን ይለቃል። ስስ ስለሆነ ያጠራቀመው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በዙሪያው ካለው አየር በፊት እሱ ይቀዘቅዛል።

ነፋስ ካለ ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር እያወረደ ያደባልቀዋል። ነፋስ ከሌለ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ይተኛል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ነው። ተዳፋት ካገኘ እንደ ውሃ ቀስ እያለ ይንሸራተትና ረባዳ ቦታ ላይ ይጠራቀማል። የእኔ የታችኛው ማሳ የዚያ አየር ኩሬ ነበር። ታዲያ ውርጭ ይወርዳል የሚለው አነጋገር እውነት አለው። የሚወርደው ግን ከሰማይ ሳይሆን ከተራራው ነው።

በሁለተኛው ዓመት ሁለት ርካሽ ቴርሞሜትሮች ገዛሁ። አንዱን እንጨት ላይ፣ በቁመቴ ልክ ሰቀልኩት። ሌላውን ከድንቹ ቅጠል እኩል፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጌ አሰርኩት። አንድ ጥርት ያለ ሌሊት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዤ ወረድኩ። የላይኛው 3 ዲግሪ ይላል። የታችኛው ከዜሮ በታች 1። በአንድ ሰው ቁመት ውስጥ የ4 ዲግሪ ልዩነት! የአየር ትንበያ የሚነግረን ቁጥር ሰው ቁመት አካባቢ የተለካ ነው። «ነገ ሌሊት 3 ዲግሪ» ሲባል ድንቹ ያለበት ቦታ ዜሮን አልፎ ሊወርድ ይችላል። የድንች ቅጠል ደግሞ ከዜሮ በታች 1 ወይም 2 ዲግሪ ሲደርስ መጎዳት ይጀምራል።

ሌሊቱ እንዴት እንደሚሆን ከቀኑ መገመት ይቻላል። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነፋሱ ፀጥ ካለ፣ እኔ አልተኛም። ከዚያ ጤዛውን አያለሁ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሣር ውስጥ ስሄድ ጫማዬ ከራሰ ትንሽ እፎይ እላለሁ። ጤዛ ሲፈጠር ሙቀት ይለቃል፤ ስለዚህ ቅዝቃዜው ፍጥነቱ ይቀንሳል። ሣሩ ደረቅ ከሆነ ግን አየሩ ደረቅ ነው ማለት ነው። ያኔ ቅዝቃዜው የሚገታው ሳያገኝ ይወርዳል። እንዲህ ባለው ሌሊት ጠዋት ነጭ አመዳይ ሳይታይ ቅጠሉ ጠቁሮ ሊገኝ ይችላል። ብዙ ሰው ያኔ በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ሊረጭ ይሮጣል። በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በነጠብጣብ ጀምሮ ቀስ እያለ ይዛመታል። ውርጭ ግን በአንድ ሌሊት፣ ከላይ ያለውን ለጋ ቅጠል ቀድሞ ይመታል።

መጀመሪያ የሞከርኩት ጭስ ነው። አካባቢው ሁሉ የሚያደርገው እሱን ነው። እርጥብ ጭድና ኩበት ማሳው ዳር ዳር ከምሬ ለኮስኩ። ጭሱ ሸለቆውን ሞላው። ደስ አለኝ። ቴርሞሜትሩን ሳየው ግን ንቅንቅ አላለም። በኋላ ምክንያቱ ገባኝ። የጭስ ብናኝ በጣም ደቃቅ ነው፤ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት አያግደውም። የሚያሞቀው እሳቱ ነው። እሱም ቢሆን ብዙ ትናንሽ እሳት በየቦታው ሲሆን ነው። አንድ ትልቅ እሳት ከሆነ ሙቀቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያመልጣል። ለሩብ ሄክታር ሌሊቱን ሙሉ የሚነድ ኩበት ደግሞ ከየት ይመጣል? ጭሱን ተውኩት።

የረዳኝ ውሃው ነው። ደረቅና ልል አፈር ውስጡ አየር ነው። ቀን ሙቀት አያጠራቅም፣ ሌሊትም ከታች ወደ ላይ አያሳልፍም። እርጥብና የተጠቀጠቀ አፈር ግን ቀን በደንብ ይሞቃል፤ ሌሊት ያንን ሙቀት ቀስ በቀስ ይለቃል። ስለዚህ ውርጭ ይሰጋል ከተባለበት ሌሊት ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት በየቦዩ ውሃ እለቃለሁ። አፈሩ አንድ ክንድ ያህል እስኪርስ ድረስ። በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ማጠጣት እንደዚህ አይጠቅምም፤ አፈሩ ፀሐይ ሊመታው ይገባል። በዚያ ሰሞን አልኮተኩትም። አረሙን ግን ቀደም ብዬ እነቅላለሁ፤ አረም አፈሩን ከፀሐይ ይጋርደዋል።

እዚህ ላይ ከባድ ስህተት ሠርቻለሁ። አፈሩ እንዲሞቅ ብዬ በድንቹ ሥር ገለባ ነሰነስኩ። በገለባው ሥር ያለው አፈር ሌሊት ሙቀቱን አላጣም፣ እውነት ነው። ነገር ግን ሙቀቱን ከታች አፍኖ ያዘው፤ ቅጠሉ ጋ አልደረሰም። ገለባ የነሰነስኩባቸው መስመሮች ካልነሰነስኩባቸው የባሰ ተጎዱ። ገለባ የሚሠራው ከተክሉ በላይ ሲሆን ነው።

ከተክሉ በላይ መሸፈን ደግሞ ለትንሽ መደብ ካልሆነ አይቻልም። ለችግኝ መደቤ እንጨት ተክዬ፣ አግድም አስሬ፣ ጆንያ አለብሰዋለሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው የማለብሰው፣ መሬቱ ገና ሞቅ እንዳለ። ከጨለመ በኋላ ከሆነ የምይዘው ሙቀት አልቋል። ጨርቁ ቅጠሉን መንካት የለበትም፤ የነካው ቦታ ይቃጠላል። ስስ ላስቲክም ሞክሬያለሁ፤ ሙቀቱን ስለሚያሳልፍ ጆንያውን አያህልም። ገና ስንዝር ያልሞላውን ድንች ግን ለአንድና ለሁለት ሌሊት አፈር ባለብሰው ይተርፋል።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ካቡ ነው። በታችኛው ማሳ ግርጌ አባቴ የሠሩት የድንጋይ ካብ አለ። ወገብ ይደርሳል። ከብት እንዳይገባ ነው የተሠራው። ቀዝቃዛውን አየር ግን እንደ ግድብ ያቆመው ነበር። ከካቡ ሥር ያለው ድንች ሁልጊዜ ቀድሞ ይጠቁራል፤ ያንን ለዓመታት እያየሁ ትርጉሙ አልገባኝም። ከታች ላሉት ጎረቤቴ ነገርኳቸው። «አባባ፣ ካቡን ልክፈተው፤ ግን ብርዱ ወደ እርስዎ ይሄዳል» አልኳቸው። «የእኔ ግጦሽ ነው ልጄ፣ ሣር ብርድ አይፈራም። ክፈተው፤ በሬው እንዳይገባብህ ግን እሾህ ጣልበት» አሉኝ። እያንዳንዳቸው ሦስት ሜትር የሚሰፉ ሁለት ክፍተቶች ከፈትኩ። እሾኹን ሳሳ አድርጌ ጣልኩበት፤ አየሩ ማለፍ አለበት።

እኚሁ ጎረቤቴ ሌላም ነገር አስተምረውኛል። በመጀመሪያው ዓመት ድንቹ ሲጠቁር በንዴት ግንዱን መንቀል ጀምሬ ነበር። መጥተው እጄን ያዙኝ። «አትንቀለው። የሞተው ቅጠሉ ነው፤ ከአፈር በታች ያለው አልሞተም።» አሥር ቀን ጠበቅኩ። ካልነቀልኳቸው ግንዶች ሥር አዲስ ለጋ ቡቃያ ወጣ። የነቀልኳቸው እንደወጡ ቀሩ። ሰብሉ ሊደርስ ሲል የተመታ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይለያል። ያኔ ውሃውን አቁሞ፣ የድንቹ ልጣጭ እስኪጠነክር ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ መቆፈር ነው።

ይህ ሁሉ የሚያተርፈው አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ነው። ከዜሮ በታች 4 ከወረደ ውሃውም ካቡም አያድኑትም። ስለዚህ የታችኛውን ማሳ ከጥቅምት እስከ ጥር ለድንች መስጠቴን አቆምኩ። በእነዚያ ወራት ነጭ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን አለበት፤ ሁለቱም ቀለል ያለ ውርጭ ይችላሉ። ድንቹ እዚያ የሚገባው ጥር ሲያልቅ ነው። የመስከረሙ ድንች ወደ ላይ፣ ወደ ተዳፋቱ ወጣ።

ባለፈው ኅዳር 20 እንደገና ጥርት ያለ ምሽት መጣ። ነፋሱ ሞተ፤ ሣሩም ደረቅ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት አጠጥቻለሁ። መደቤን አለበስኩና በየሰዓቱ ባትሪ ይዤ ዞርኩ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ፣ ቅዝቃዜው በሚበረታበት ሰዓት፣ ወንዙ ዳር ከዜሮ በታች 3 ነበር። ተዳፋቱ ላይ፣ ከቅጠሉ እኩል፣ ከዜሮ በታች 1። ጆንያው ሥር 1 ዲግሪ።

ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ስትሞቅ ጆንያውን ገፈፍኩ። ችግኙ እንዳመሸ አድሯል። ተዳፋቱ ላይ የድንቹ ጫፍ ጫፉ ብቻ ተለብልቧል። ጥር አጋማሽ ላይ ከዚያ ሩብ ሄክታር 31 ኩንታል ቆፈርኩ። በመጀመሪያው ዓመት ከወንዙ ዳር ያገኘሁት 9 ነበር።